«አሥር ዕቃ ላንሳላችሁ»፦ በሲቪ ፈንታ የሙከራ ሥራ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ «የሙሉ ጊዜ ፎቶ አንሺና የማኅበራዊ ሚዲያ ሠራተኛ እንፈልጋለን» ብሎ በቴሌግራም ቻናሉ ማስታወቂያ አወጣ እንበል። አብዛኛው አመልካች ሲቪውንና የትምህርት ማስረጃውን አያይዞ ይልካል። በግሏ የምትሠራ አንዲት ፎቶ አንሺ ግን ሌሎች ደንበኞች ስላሏት ቢሮ መግባቱን አትፈልግም። ሥራውን ግን ትፈልገዋለች። ስለዚህ እንዲህ ስትል ትጽፋለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምርት ፎቶ አንሺ ነኝ። ቻናላችሁን ሳየው ከብዙዎቹ ሶፋዎችና ቁም ሳጥኖች ሥር ደንበኞች የሚጠይቁት ‹ስፋቱ ስንት ነው?›፣ ‹ከጎን ሲታይስ?› እያሉ ነው። ለቅጥሩ አላመለከትኩም፤ በምትኩ አንድ ትንሽ ሥራ ልሥራላችሁ። ከመረጣችኋቸው 10 ዕቃዎች እያንዳንዱን ከፊት፣ ከጎንና ጨርቁ ወይም እንጨቱ በቅርብ እንዲታይ አድርጌ ሦስት ሦስት ፎቶ አነሳለሁ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር ለክቼ ከፎቶው ሥር እጽፋለሁ። ቀረጻው ሱቃችሁ ውስጥ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በሦስት የሥራ ቀን ለመለጠፍ ዝግጁ ሆኖ ይደርሳችኋል። ዋጋው 12,000 ብር ነው፤ ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ ሥራውን ስትረከቡ። ከወደዳችሁት ስለ ወርኃዊ ሥራ እንነጋገራለን። ካልሆነም ፎቶዎቹ የእናንተ ናቸው፣ በዚያው ይበቃል። ከዚህ በፊት ያነሳኋቸውን ሦስት ፎቶዎች አያይዣለሁ። ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ ጠዋት ይመቻችኋል?»

ይህ መልእክት ባለሱቁ የሚወስነውን ውሳኔ ያሳንሰዋል። ሲቪ የደረሰው ባለሱቅ ራሱን የሚጠይቀው «ይህን ሰው ልቅጠረው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከባድ ነው። ከደመወዙ በላይ የአሠሪውን የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ መክፈል አለበት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ ጊዜ አልፎ «አልተስማማንም» መባባል ለሁለቱም ወገን ኪሳራ ነው። የፎቶ አንሺዋ መልእክት ግን የሚጠይቀው 12,000 ብር በአንድ የታወቀ ችግር ላይ ይውላል ወይስ አይውልም የሚለውን ብቻ ነው። ለዚህ ስብሰባም ቃለ መጠይቅም አያስፈልግም።

አሠራሩን ትልልቅ ኩባንያዎችም ያውቁታል። ዎርድፕረስ ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው የአሜሪካው ኩባንያ አውቶማቲክ ሰው ከመቅጠሩ በፊት ተከፋይ የሙከራ ሥራ ይሰጥ ነበር። መሥራቹ ማት ሙለንወግ እ.ኤ.አ. በ2014 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው እንደጻፈው፣ አመልካቾች የያዙትን ሥራ ሳይለቁ በምሽትና በቅዳሜና እሁድ ይሠሩ ነበር፤ የሥራ መደቡ ምንም ይሁን ምን የሚከፈላቸውም በሰዓት 25 ዶላር ነበር። እዚያ ሙከራውን ያቀረበው ቀጣሪው ነው። በእኛ ምሳሌ ያቀረበችው ባለሙያዋ ስለሆነች ግን የሥራውን ልክ የመወሰኑ ኃላፊነት በእሷ ላይ ይወድቃል።

ልኩን መወሰን ቀላል አይደለም። የሙከራው ሥራ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ከሆነ አይጠቅምም። «የቻናላችሁን ስትራቴጂ አዘጋጃለሁ» የምትል ብትሆን ባለሱቁ መቼ እንዳለቀ አያውቅም፣ ማለቁን ቢያውቅም ወዲያው የሚለጥፈው ነገር የለውም። አሥሩ ዕቃ ግን ዛሬ ተለጥፎ ነገ ሊሸጥ ይችላል። መለኪያውም ከችግሩ ራሱ ይወጣል፤ ከአዲሶቹ ፎቶዎች ሥር «ስፋቱ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቀነሰ ሥራው ሠርቷል፣ ካልቀነሰ አልሠራም።

ዋጋውስ እንዴት 12,000 ሆነ? ለምሳሌ ያህል የባለሙያዋ የቀን ሒሳብ 4,000 ብር ነው እንበል። ግማሽ ቀን ለዝግጅት፣ አንድ ቀን ለቀረጻ፣ አንድ ቀን ፎቶውን ለማስተካከልና ለመጻፍ፣ ግማሽ ቀን ደግሞ ለእርማት ሲደመር ሦስት ቀን ይመጣል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ለመጀመሪያ ነው» ብሎ 5,000 ብር ይጠይቃል፤ ወርኃዊ ውል ሲመጣ ደግሞ ባለሱቁ የሚያስታውሰው ያንኑ 5,000 ብር ነው። ባለሱቁ «ዋጋ ቀንሺ» ካለ የሚሻለው ዋጋውን ትቶ ሥራውን መቀነስ ነው፦ «በ7,500 ብር አምስት ዕቃ ላንሳላችሁ።» ዝግጅቱ ለአምስትም ለአሥርም ያው ስለሆነ ገንዘቡ በትክክል በግማሽ አይወርድም።

በነጻ መሥራትስ? በነጻ የሚሠራ ናሙና ሌላ ነገር ነው። አንድ ሱቅ ከአራት አመልካቾች «እስኪ ጥቂት አንሱልን» ብሎ ፎቶ ከሰበሰበ የሚቀጥረው ሰው ላያስፈልገው ይችላል። ኦንላይን ሥራ የሚያገናኘው አፕወርክ ደንበኞች ነጻ ሥራ እንዳይጠይቁ በደንቡ መከልከሉም ለዚህ ነው። በአካል በሚደረግ ስምምነት የዚህን ቦታ የሚይዘው ቀብዱ ነው። ስድስት ሺህ ብር ቀብድ ለመክፈል የሚያመነታ ሰው ቀሪውን ለመክፈልም ማመንታቱ አይቀርም፤ ይህን ካሜራ ሳያነሱ ማወቅ ጥሩ ነው።

ሥራው ሲጀመር ደግሞ «እግረ መንገድሽን አንድ ቪዲዮ»፣ «ይቺን ወንበርም ጨምሪልን» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልእክቱ ቁጥር ስላለው ማንም ሳይቀየም መመለስ ይቻላል፦ «ደስ ይለኛል፤ ቪዲዮውን ከአሥሩ በኋላ በሌላ ሒሳብ እንነጋገርበት።» «ሌላ ሙከራ እንሥራ» የሚል ካመጡ ግን ሙከራው አብቅቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር በመደበኛ ስምምነት የሚሠራ ሥራ ነው።

ወረቀቱም አይዘለል። ሒሳቡን በሥርዓት የያዘ ድርጅት ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከክፍያው ላይም ቅድመ ግብር ሊቀንስ ይችላል። መለያ ቁጥር የሌለው ሰው የሚቀነስበት ከፍ ያለ ነው። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን ቅሬታ ያመጣል።

መልእክቱ የትም አይሠራም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች በግዥ ደንብ ስለሚሠሩ፣ ኃላፊው ቢወደው እንኳ ፕሮፎርማ ሳይሰበስብ መክፈል አይችልም። ገንዘብ ያዥ ወይም እንግዳ ተቀባይ በሙከራ ሥራ አይለካም፤ ሥራው በየቀኑ በቦታው መገኘት ነውና። የሒሳብ ባለሙያም የድርጅቱን ሙሉ መዝገብ በመጀመሪያው መልእክት ከጠየቀ እምቢ ቢባል አይገርምም። ለማያውቁት ሰው ያን ያህል እምነት አይሰጥም።

ከሚመጣው ምላሽ መልእክቱ የት እንደሳተ ማወቅ ይቻላል። «ሲቪሽን ላኪልን» ካሉ እንደ ተራ ማመልከቻ አንብበውታል፤ ብዙውን ጊዜ መልእክቱ ከእነሱ ችግር ይልቅ ስለ ጸሐፊዋ ልምድ በማውራት ስለጀመረ ነው። «ደስ ይላል፣ እናስብበት» ብለው ዝም ካሉ ደግሞ ቀን ወይም ዋጋ ጎድሎ ይሆናል። በሳምንቱ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይበቃል።

ፎቶዎቹን የምታስረክብበት መልእክት ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተስማሙበትን አሥር ዕቃ ዘርዝራ፣ የቀረውን ክፍያ ጠቅሳ፣ አንድ ቀጣይ ሐሳብ ታቀርባለች፦ በወር 20 አዲስ ዕቃ፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ በሁለት የቀረጻ ቀን። ባለሱቁ ከዚህ በኋላ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ቢቀጥርም እሷ ለሠራችው ተከፍሏታል። ደግሞም ክፍያው በቀኑ መግባቱን፣ ፎቶውን የሚያጸድቀው ባለቤቱ ይሁን የሽያጭ ኃላፊው፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አይታለች። ወርኃዊ ውሉን ለመፈረምም ሆነ ለመተው የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።