የቡችላ የመላመድ ዕድሜ

የቡችላ የመላመድ ዕድሜ ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ቡችላው በዚህ ጊዜ ሳይደነግጥ የተዋወቃቸውን ሰዎች፣ እንስሳት፣ ድምፆችና ቦታዎች አድጎም እንደ ተራ ነገር ያያቸዋል። በዚህ ጊዜ ፈጽሞ ያላገኘውን ነገር ግን ካደገ በኋላ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ ይሸሸዋል፣ ይጮህበታል ወይም ለመንከስ ይቃጣል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ዕድሜ የሚያበቃው የቡችላው ክትባት ከመጠናቀቁ በፊት መሆኑ ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ከቤት ያልወጣ ቡችላ ከበሽታ ይድን ይሆናል፤ ሆኖም ዓለምን የሚተዋወቅበት ጊዜ ያልፈዋል።

ዕድሜው እንዴት ታወቀ

ስለዚህ ዕድሜ በሰፊው ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ የተደረገው ነው። ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ1961 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የኮከር ስፓንየልና የቢግል ቡችሎች ከእናቶቻቸው ጋር በረጅም አጥር በተከለለ ሜዳ ውስጥ ሰው ሳይቀርባቸው እንዲያድጉ ተደረገ። ከዚያም ገሚሶቹ በ2፣ ገሚሶቹ በ3፣ ሌሎቹ በ5፣ በ7 ወይም በ9 ሳምንታቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው ጋር እንዲውሉ ተወስደው እንደገና ወደ ሜዳው ተመለሱ። ጥቂቶቹ ግን እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ከሰው ጋር አልተገናኙም።

የ2 ሳምንት ቡችሎች ገና ስላልበሰሉ ከሰው ጋር ብዙም አልተጫወቱም። የ3 ሳምንቶቹ ወዲያው ወደ ሰው ሄዱ። ዕድሜያቸው ከዚያ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ግን በመጀመሪያ መጠንቀቅና መራቅ አሳዩ፤ ለመቅረብም ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀባቸው። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያላዩት እንደ ዱር አውሬ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር ጤናማ ግንኙነት ሊፈጥሩ አልቻሉም። በዚያው ላቦራቶሪ ለረጅም ዓመታት የሠሩት ስኮትና ፉለርም በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የዕድሜ ክልል በዝርዝር ገልጸውታል።

ከዚህ ሙከራ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ዕድሜው በአንድ ቀን እንደ በር አይዘጋም፤ የማወቅ ጉጉት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ፍርሃት እየጨመረ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በአዳሪዎቹ ላይ ልዩነት ያመጣው የአንድ ሳምንት ግንኙነት ብቻ ነው። ስለዚህ በትክክለኛው ዕድሜ የሚደረግ አነስተኛ ነገር ዘግይቶ ከሚደረግ ብዙ ነገር ይበልጣል።

ክትባቱ ለምን ይረዝማል

ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከእናቱ እንገር ውስጥ ፀረ-አካል ያገኛል። ይህ ፀረ-አካል ለተወሰኑ ሳምንታት ከበሽታ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስም እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋዋል። በዚህ ጊዜ ክትባቱ ቢሰጥም ምንም ሳይሠራ ይቀራል።

የእናት ፀረ-አካል በየ10 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሁለት ቡችሎች ቢኖሩና አንደኛው ብዙ ጠብቶ ከሌላው በ4 እጥፍ የሚበልጥ ፀረ-አካል ቢያገኝ፣ የእርሱ መጠን ከወንድሙ እኩል ለመድረስ ሁለት ጊዜ በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ይህም 20 ቀን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ለአንደኛው በ8 ሳምንቱ የሠራ ክትባት ለሌላው እስከ 11ኛው ሳምንት ላይሠራ ይችላል። ከውጭ በማየት ሁለቱን መለየት አይቻልም። ክትባቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚደገመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የመጨረሻው መርፌም በ16ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ እንዲሰጥ ይመከራል። ድግግሞሹ ኃይል ለመጨመር ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ዋናው ዓላማ ግን የእናት ፀረ-አካል ያለቀበትን ጊዜ ማግኘት ነው።

በመካከሉ አደገኛ ቀናት አሉ። የእናት ፀረ-አካል ክትባቱን ለማክሸፍ የሚበቃ፣ እውነተኛውን በሽታ ለመከላከል ግን የማይበቃበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። መርፌ የተወጋ ቡችላ በፓርቮ የሚያዘው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቀናት ነው።

አደጋው የት ነው

ቡችላን ከቤት ማውጣት ሁሉ እኩል አደገኛ አይደለም፤ አደጋው የሚወሰነው በበሽታው መተላለፊያ መንገድ ነው። የፓርቮ ቫይረስ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ዓይነ ምድሩ ታጥቦ ወይም ደርቆ ከጠፋ በኋላም በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ውሻው የመታመም ምልክት ከማሳየቱ በፊትም ቫይረሱን ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል ሣር ለቡችላ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ዲስቴምፐር በተቃራኒው ከውሻው አካል ውጭ ብዙ አይቆይም፤ የሚተላለፈው ከታመመ ውሻ በሚወጣ ትንፋሽና ፈሳሽ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የመሬት፣ ሁለተኛው የመቀራረብ ጉዳይ ነው።

በዚህ ምክንያት መወገድ ያለባቸው ቦታዎች ብዙ ውሾች የሚጸዳዱባቸው መናፈሻዎች፣ የመንገድ ዳር ሣሮች፣ የቆሻሻ መጣያ አካባቢዎችና የእንስሳት ክሊኒክ ወለል ናቸው። የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ ይረሳል፤ የታመሙ ውሾች የሚመጡት ወደዚያ ስለሆነ ቡችላው ተራ ሲጠብቅ በእቅፍ ወይም በማጓጓዣ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በብዛት በሚዞሩባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አለ። የዚህ በሽታ ክትባት በተለምዶ በ12 ሳምንት አካባቢ ስለሚሰጥ፣ ከዚያ በፊት ቡችላው ከማያውቁት ውሻ ጋር መነካካት የለበትም።

ሲሚንቶና ሰድር ወለል በበረኪና ሊጸዳ ይችላል። በመጀመሪያ ቆሻሻው ሁሉ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ 1 እጅ የቤት በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ወለሉ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ቆሻሻው ሳይነሣ በረኪና ማፍሰስ ብዙ አይጠቅምም። አፈርና ሣር ግን በዚህ መንገድ አይጸዳም። ስለዚህ ፓርቮ የታመመ ውሻ የነበረበት ግቢ ለአዲስ ቡችላ ለረጅም ጊዜ አደገኛ ሆኖ ይቆያል።

ክትባት ሳያልቅ ምን ማድረግ ይቻላል

በ8 ሳምንቱ የመጀመሪያውን መርፌ ተወግቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ቤት የመጣ ቡችላ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ቀጣዮቹ መርፌዎች በ12ኛውና በ16ኛው ሳምንት ከሆኑ፣ ከመላመድ ዕድሜው የቀረው አብዛኛው ክፍል በመጀመሪያውና በሁለተኛው መርፌ መካከል ባሉት 4 ሳምንታት ውስጥ ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ውስጥ ይበቃሉ። መጥረጊያ፣ የሚፉጨው የግፊት ድስት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የበር ደወል፣ የሚዘረጋ ጃንጥላ ለቡችላው ሁሉም አዲስ ናቸው። ድምፁ ከሌላ ክፍል ይጀመራል፤ ቡችላው መብላቱን ካላቋረጠ ቀስ በቀስ ይቀርባል። ጎረቤቶች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀውና እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፤ ጋቢ የለበሰ አዛውንት፣ ኮፍያ ያደረገ ወጣት፣ የራስ ቁር የያዘ የሞተር አሽከርካሪ፣ ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ሕፃን እያንዳንዳቸው ትንሽ ሥጋ ከእጃቸው ይሰጡታል። ሰዎቹ ወደ እርሱ አይሄዱም፤ እርሱ ራሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ነው፤ ሆኖም ተይዞ የተደባበሰ ቡችላና ራሱ ፈልጎ የቀረበ ቡችላ የሚማሩት አንድ ዓይነት አይደለም።

በ9ኛው ሳምንት በእቅፍ ወይም በዘንቢል ይወጣል። እግሩ መሬት አይነካም። ሚኒባስ ሲቆም፣ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ተማሪዎች ሲንጫጩ፣ ፍየሎች ሲነዱ ከሩቅ ያያል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በመኪና የሚጓዝ ከሆነ መስኮቱ ትንሽ ተከፍቶ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። በእግሩ መሄድን የሚለማመደው ሌላ ውሻ በማይደርስበት ሰገነት ወይም የዘመድ ቤት ወለል ላይ ነው፤ ሰድር፣ ምንጣፍ፣ ካርቶንና የብረት ክዳን እየረገጠ የተለያየ ወለል ይለምዳል።

ከሌሎች ውሾች መለየትም አያስፈልግም። ክትባቱ የተሟላ፣ ጤነኛና ከቡችላ ጋር ገር የሆነ የወዳጅ ውሻ ቤት ሄዶ መጫወት ይችላል። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ቡችሎች ከ7 እስከ 8 ሳምንታቸው ጀምሮ በቡችላ ክፍሎች መካፈል እንደሚችሉ አስታውቋል፤ መሥፈርቱም ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የመጀመሪያውን ክትባት መወጋታቸውና የመጀመሪያውን የትል መድኃኒት መውሰዳቸው ነው። በ2013 በአሜሪካ የታተመ ጥናትም እንዲህ ባሉ ክፍሎች የተካፈሉ የተከተቡ ቡችሎች ፓርቮ ሳይዛቸው እንደቀሩ አሳይቷል። እነዚህ ክፍሎች ወለላቸው የሚጸዳ፣ የገቡት ውሾችም ክትባት የሚጠየቅ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ውጤቱ ለክፍት ሜዳ አይሠራም።

መጠኑ ሲያልፍ

ቡችላን ብዙ ነገር ማሳየትና ማላመድ አንድ አይደሉም። የሚፈራውን ነገር በግድ የሚጋፈጥ ቡችላ የሚማረው ያንን ነገር መፍራት ነው፤ በተለይ ከ8ኛው ሳምንት ወዲህ አንድ ክፉ ድንጋጤ ለረጅም ጊዜ ሊታወስ ይችላል። ምልክቶቹ ጅራትን በእግር መካከል መክተት፣ ጆሮን ወደ ኋላ መለጠፍ፣ ሳይርበው ከንፈር መላስ፣ ሳይደክመው ማዛጋትና ፊትን ማዞር ናቸው። ከሁሉ ቀላሉ መለኪያ ምግብ ነው። የሚወደውን ሥጋ የሚተው ቡችላ ለነገሩ በጣም ቀርቧል ማለት ነው፤ እንደገና እስኪበላ ድረስ ርቀቱ ይጨመራል። ፍጹም ዝም ብሎ በእቅፍ የደረቀ ቡችላ ብዙ ጊዜ «ጨዋ ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ ይሁን እንጂ ይህም የፍርሃት ምልክት ነው።

ቡችላው ምግብ እምቢ ያለው ቤቱ ውስጥ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ፓርቮ ቫይረሱ ከገባ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ መደበት፣ ምግብ መተው፣ ማስመለስ፣ ከዚያም መጥፎ ሽታ ያለው ብዙ ጊዜም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይከተላል። ትንሽ ቡችላ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ውሃ በፍጥነት ስለሚያልቅ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ክሊኒኩም ሌሎች ቡችሎችን እንዲለይ ከመሄድ በፊት በስልክ ይነገረዋል።