ሆቴሉ ሳይጠናቀቅ ምስሉ ሲታዘዝ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ 40 ክፍል ሆቴል የሚያሠራ ሰው አለ እንበል። ሕንፃው ገና ፊኒሺንግ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ግን ለባንክ የሚያሳየው፣ ቢልቦርድ ላይ የሚሰቅለውና ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፈው ምስል ከወዲሁ ይፈልጋል። በግሉ ከሚሠራ የስሪዲ ባለሙያ ሁለት ገጽ ፕሮፖዛል ሲደርሰው ዓይኑ በቀጥታ ወደ ዋጋው ይሄዳል። ኋላ ላይ የሚያጨቃጭቀው ግን ከዋጋው በላይ የተጻፈው ነው፤ የትኞቹ ምስሎች እንደሚሠሩ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረሙና በምን መልክ እንደሚረከቡ።

«የሆቴሉ ሙሉ ስሪዲ» የሚል ፕሮፖዛል ምንም አላለም። ደህናው እያንዳንዱን ምስል ለይቶ ይጠራል፦ ሕንፃው ከሐይቁ በኩል ሲመሽ፣ ከመንገዱ በኩል በቀን፣ ሎቢው ከበሩ ሲገባ፣ ሬስቶራንቱ፣ አንድ መደበኛ መኝታ ክፍል። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ የሚገነባው በእነዚህ አምስት ምስሎች ውስጥ የሚታየውን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «አንተ ልጅ፣ እግረ መንገድህን መዋኛውንም ጨምርልኝ» ሲል ቀላል ነገር የጠየቀ ይመስለዋል እንጂ ገንዳው፣ ወንበሩ፣ ጥላውና ተክሉ ከዜሮ መሠራት አለባቸው። በአንጻሩ የተሠራውን ሎቢ ከሌላ ማዕዘን ማየት ብዙ ድካም የለውም። የሁለቱ ዋጋ ተለያይቶ ቢጻፍ ይሻላል።

ባለቤቱ የሚሰጠውም መዘርዘር አለበት፦ የአርክቴክቱ ንድፍ፣ የፊኒሺንግ ዕቃዎች ዝርዝርና ሰሜንን የሚያመለክት የቦታው ፕላን። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ሐይቁ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ስለሆነ ሐይቁን የሚያየው የሕንፃው ፊት ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። በረንዳውን በጠዋት ፀሐይ ያጥለቀለቀ ምስል ያምር ይሆናል፤ ቁርሱን እዚያ ሊበላ የመጣ እንግዳ ግን የሚያገኘው ጥላ ነው። የማስረከቢያው ቀን መቆጠር ያለበትም እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ከተሰጡበት ዕለት ጀምሮ ነው።

ጠቡ በብዛት የሚነሣው እርማት ላይ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የሚልከው ቀለም የሌለው ግራጫ ምስል ነው። ባለቤቶች ይህን «ገና ነው» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት እሱ ነው እላለሁ። የካሜራው ቦታ፣ የግድግዳው፣ የመስኮቱና የዕቃው አቀማመጥ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። በሁለተኛው ዙር እብነ በረዱ፣ እንጨቱ፣ ጨርቁና ብርሃኑ ይመጣሉ። ሦስተኛው ለጥቃቅን ማስተካከያ ነው።

አሁን በሁለተኛው ዙር የባለቤቱ ወንድም መጥቶ የእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ወደ ግራ ይዙር አለ እንበል። ባንኮኒው ሲዞር በላዩ ያሉት መብራቶች፣ ከኋላው ያለው ግድግዳና ወለሉ ላይ ያረፈው ጥላ አብረው ይለወጣሉ፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግድግዳ ፈልፍሎ የመብራት ገመድ እንደ መቅበር ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ሁለት ነገር መለየት አለበት። ባለሙያው ንድፉን ስቶ የሠራውን በነጻ ያርማል፤ ባለቤቱ ሐሳቡን ከቀየረ ግን ተጨማሪ ይከፍላል። አስተያየቱም ከአንድ ሰው፣ በጽሑፍ፣ ተጠቃሎ ይምጣ። «እስኪወዱት ድረስ አስተካክላለሁ» የሚል ፕሮፖዛል ለጋስ ይመስላል፤ ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ግን ማንም አያውቀውም።

ስለ ምስሉ መጠን መነጋገር የሚገባው ሥራው ሳይጀመር ነው። ስፋቱ 1920 ነጥብ የሆነ ምስል ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በጥራት ለማተም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲያስፈልግ ግን ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ለኤ3 ወረቀት 4961 በ3508 ነጥብ ያስፈልጋል። ቢልቦርድ ከሩቅ ስለሚታይ በኢንች 20 ነጥብ ሊበቃው ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ 12 ሜትር ለሚረዝም ቢልቦርድ ወደ 9450 ነጥብ ይደርሳል። ወርዱና ቁመቱ ሲታጠፍ ነጥቡ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ኮምፒውተሩ ምስሉን አብስሎ የሚያወጣበት ጊዜም በዚያው ልክ ይረዝማል። ስለዚህ የምሽቱን የውጭ ምስል ብቻ በትልቁ ማዘዝ ያዋጣል።

ለኢንተርኔት ጄፔግ ይበቃል። ለማተሚያ ቤት ጥራቱ ያልተጨመቀ ቲፍ ይጠየቅ፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው የሐይቁ ሰማያዊ በማተሚያ ቀለም ስለሚደበዝዝ ናሙና ሳያዩ ብዙ ቅጂ ማሳተም አይገባም። ርክክቡም በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ይጨመቅና ያንሳል፤ ጉዳቱም ስልክ ላይ አያስታውቅም፣ ሲታተም እንጂ። ሌላው ሕንፃው የተገነባበት የኮምፒውተር ፋይል ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ካልተጻፈ ባለሙያው ምስሎቹን ብቻ አስረክቦ ፋይሉን ሊያስቀር ይችላል፤ ባለቤቱ ከዓመት በኋላ መዋኛውን ሲያሠራ ሌላ ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር ከፈለገ፣ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።