300 ወንበር፣ 420 እንግዳ

300 ወንበር ባለው አዳራሽ የአንድ ቀን ጉባኤ ሊካሄድ ነው እንበል። አዘጋጆቹ አራት ዓይነት ትኬት ያወጣሉ፦ ቀድሞ ለሚገዛ 500 ብር፣ መደበኛው 700፣ ቪአይፒው 1,500፣ አምስት ሆነው ለሚመጡ ደግሞ በጥቅል 2,800። ለየዓይነቱ 100፣ 130፣ 40 እና 30 ትኬት ይመድባሉ። ድምሩ ልክ 300 ነው። ሁሉም ይሸጣል። በዕለቱ ግን በር ላይ የሚሰለፈው 420 ሰው ነው።

ደማሪው አልተሳሳተም። 30ው የቡድን ጥቅል 150 ሰው ይዞ መጣ እንጂ። ሲስተሙ የቆጠረው ትኬት ነው፣ ወንበር የሚፈልገው ግን ሰው ነው።

መፍትሔው ቆጠራውን ከትኬት ዓይነት ነጥሎ ለቦታው መስጠት ነው። ፕሪቲክስ የተባለው ጀርመን የተሠራ የትኬት ሶፍትዌር ይህን «ኮታ» በሚለው አሠራር ያስኬደዋል። አንድ ትኬት በሁለትና ከዚያ በላይ ኮታዎች ሥር መግባት ይችላል፤ የሚሸጠውም በሁሉም ውስጥ ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። በምሳሌያችን ቪአይፒው 40 ወንበሮቹን ይዞ ለብቻው ይቀመጣል። የቀሩት 260 ወንበሮች የሌሎቹ ሁሉ የጋራ ኮታ ይሆናሉ። የቅድሚያ ትኬቱ ከዚህ ከጋራው ይቀንሳል፣ በተጨማሪም ከ100 እንዳያልፍ የራሱ ገደብ አለው። አንድ የቡድን ጥቅል ሲሸጥ ደግሞ ከጋራው አምስት ይቀነሳል። ሦስት ወንበር ብቻ ሲቀር ጥቅሉ «አልቋል» ይላል፣ ነጠላው ግን መሸጡን ይቀጥላል።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። ከ100 የቅድሚያ ትኬት 70 ብቻ ቢሸጥ፣ የቀሩት 30 ወንበሮች ማንም ሳይነካቸው በመደበኛ ዋጋ ለሽያጭ ክፍት ናቸው። ለየብቻ በተቆጠሩበት አሠራር ግን አንድ ሰው አስታውሶ ካላዛወራቸው ተዘግተው ይቀራሉ፤ አዳራሹ 30 ወንበር ባዶ እያለው «ሞልቷል» ይባላል።

ዋጋው ራሱ ደግሞ ሒሳብ ያሻዋል። 2,800 ብር ለአምስት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 560 ነው። የቅድሚያው 500 ክፍት በሆነበት ጊዜ ጥቅሉን የሚገዛ የለም፤ የገዛም ካለ ኋላ ሲያውቅ ማማረሩ አይቀርም። ስለዚህ ጥቅሉ የቅድሚያው ሽያጭ ካበቃ በኋላ ቢወጣ ይሻላል። ሁለቱን ቅናሽ መደራረብ ከተፈቀደ 500ው በ20 በመቶ ወርዶ 400 ይሆናል፣ ይህን ደግሞ አዘጋጁ አላሰበበትም። ሌላም ነገር አለ፦ አራት መደበኛ ትኬትም 2,800 ብር ነው። አራት ሆነው የሚመጡ ሁሉ ጥቅሉን ይወስዱና አምስተኛው ወንበር ወይ ለጓደኛ ይሰጣል፣ ወይ ተይዞ ባዶውን ይውላል። ለዚህ የሚበጀው ጥቅሉ ሲገዛ የአምስቱንም ስም መጠየቅ ነው። ስሙ ለበር ቆጠራም ይረዳል።

ገዢውን ግራ የሚያጋባው ብዙ ጊዜ የዋጋው ብዛት ሳይሆን መቼ እንደሚቀየር አለማወቁ ነው። በተለይ እኛ ዘንድ። ማስታወቂያው «የቅድሚያ ሽያጭ ጥቅምት 30 ሌሊት 6 ሰዓት ያበቃል» ቢል፣ አንዱ 29 ለ30 አጥቢያ ያለውን ሌሊት ያስባል፣ ሌላው 30 መሽቶ የሚመጣውን። ሲስተሙ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፤ የ2018 ጥቅምት 30 ለእርሱ ኖቬምበር 9 ቀን 2025 ነው። ሰዓቱ በዩቲሲ ከተሞላ እኩለ ሌሊቱ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። «ጥቅምት 30 ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብሎ መዝጋት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በገጹ ላይም የዕለቱን ዋጋ ብቻ ማሳየት ይበቃል፤ ከአጠገቡ የሚቀየርበት ቀንና ቀጣዩ ዋጋ ይጻፍ። ጥቅሉም ከጠቅላላ ዋጋው ጋር «በሰው 560 ብር» የሚል ይኑረው።

ያልተከፈለበት ትዕዛዝም ወንበር ይይዛል። አንድ መሥሪያ ቤት ለ50 ሠራተኞች ቢያዝና ክፍያውን ቢያዘገይ፣ ከ260ው 50 ተቆልፎ ይሰነብታል። ትዕዛዙ መክፈያ ቀነ ገደብ ይኑረው፣ ሲያልፍም ወንበሮቹ ራሳቸው ወደ ጋራው ኮታ ይመለሱ። ዋጋው በታዘዘበት ቀን ነው ወይስ በተከፈለበት የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን፤ ከሒሳብ ክፍል ጋር የሚያጨቃጭቀው ይኸው ነው።

ሽያጭ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሙከራ ይበቃል። የጋራውን ኮታ ለጊዜው ወደ 7 ማውረድ፣ አንድ ጥቅል መግዛት፣ ከዚያ ሌላ ጥቅል ለመግዛት መሞከር። ሁለተኛው ካለፈ ቆጠራው አሁንም ትኬት እንጂ ሰው አይቆጥርም ማለት ነው።