ቁጥርን ሁሉ በቅንፍ ማጠር

የአንድ እድር ዓመታዊ ሪፖርት ሃምሳ ገጽ ነው እንበል። ኦዲተሮቹ እያንዳንዱን ቁጥር ከደረሰኝ ጋር ማመሳከር አለባቸውና ጸሐፊው ቁጥሮቹን ሁሉ በቅንፍ አጥሮ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። ከየቁጥሩ በፊት አንድ ምልክት፣ ከኋላው ሌላ ምልክት ማስገባት ማለት ነው። በእጅ ከተሠራ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሳይታይ የሚታለፍ ቁጥርም አይጠፋም። ኮምፒውተር ግን ሥራውን በአንድ ትእዛዝ ይጨርሰዋል፤ ይህ የሚሆነው «ቁጥር» ምን እንደሆነ በትክክል ከተነገረው ብቻ ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ይህን መንገር ከሚመስለው በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

መሣሪያው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ሬጌክስ ይሉታል። ሐሳቡን በ1950ዎቹ ያፈለቀው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ ነው። ኬን ቶምሰን ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ሐሳብ በኮምፒውተር ጽሑፍ ለመፈለግ እንዴት እንደሚውል አሳየ። ተራው ፍለጋ «185»ን ፈልግ ሲባል 185ን ብቻ ያገኛል። ሬጌክስ ግን የሚፈልገው የተወሰነ ቃል ሳይሆን የቃሉን ቅርጽ ነው፤ «ተከታታይ አኃዞች ያሉበትን ቦታ ሁሉ» ማለት ይቻላል።

ከሪፖርቱ አንድ መስመር ይወሰድ፦

```
በ2016 ዓ.ም. ከ185 አባላት 48,300.75 ብር ተሰብስቦ በ12ኛው ወር ተዘጋ።
```

ጸሐፊው በነጻ የሚገኘውን Notepad++ ከፍቶ ጽሑፉን ይለጥፍና Ctrl እና H አንድ ላይ ይጫናል። በሚከፈተው መስኮት ግርጌ Regular expression የሚለውን ይመርጣል። ከዚያ በ Find what ሳጥን የሚፈለገውን፣ በ Replace with ሳጥን የሚተካበትን ይጽፋል።

```
\d+
[$0]
```

`\d` አንድ አኃዝ ማለት ነው። የመደመር ምልክቷ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ» ትላለች፤ እሷ ከተረሳች 2016 ወደ `[2][0][1][6]` ይበታተናል። በታችኛው መስመር ያለው `$0` «ያገኘኸውን እንዳለ መልሰህ አስቀምጠው» የሚል መልእክት ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከቁጥሩ ፊትና ኋላ ይገባል። Replace All ሲጫን የሚወጣው ይህ ነው፦

```
በ[2016] ዓ.ም. ከ[185] አባላት [48],[300].[75] ብር ተሰብስቦ በ[12]ኛው ወር ተዘጋ።
```

ሦስቱ ቁጥሮች በትክክል ታጥረዋል። ገንዘቡ ግን ሦስት ቦታ ተቆራርጧል፤ ኮማና ነጥብ አኃዝ ስላልሆኑ ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ቁጥሩ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ትርጉሙ መስፋት አለበት፦ አኃዞች፣ ከዚያም ካለ ነጥብ ወይም ኮማ አኃዝ አስከትሎ፣ ይህም እየተደጋገመ።

```
\d+(?:[.,]\d+)*
```

በዚህ አጻጻፍ ነጥቧም ሆነ ኮማዋ የምትቆጠረው ከኋላዋ አኃዝ ካለ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «185,» ብሎ ወደሚቀጥለው ቃል ቢያልፍ ኮማዋ ከቅንፉ ውጭ ትቀራለች። እንደ 12/10/2016 ያለ ቀን ወይም እንደ 3:30 ያለ ሰዓት ሳይበጠስ እንዲታጠር ከተፈለገ በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ `/` እና `:` ይጨመራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ሌላ ነገር ይመክራሉ፤ በቁጥሩ ግራና ቀኝ `\b` ይጨመር ይላሉ። `\b` የቃል ድንበር ነው፤ እንደ A4 ካሉ ስሞች ውስጥ 4ን ላለመንካት ይጠቅማል። እንግሊዝኛ በቁጥሩ ፊት ክፍት ቦታ ስለሚተው ምክሩ እዚያ ይሠራል። አማርኛ ግን በ፣ ከ፣ ለ፣ የ የሚሉትን ከቁጥሩ ጋር አጣብቆ ይጽፋል፤ ከኋላም «ኛው» እና «ዎቹ» ይከተላሉ። ዩኒኮድን አክብሮ ለሚሠራ ፕሮግራም ደግሞ «በ» ፊደል ናት፤ ፊደልና አኃዝ ሁለቱም የቃል አካል ስለሆኑ በመካከላቸው ድንበር የለም። በፓይተን ይህ ትእዛዝ ቢሰጥ፦

```
re.sub(r"\b\d+\b", r"[\g<0>]", text)
```

ከላይ ባለው መስመር 2016፣ 185 እና 12 ሳይነኩ ያልፋሉ፤ የሚታጠሩት የገንዘቡ ሦስት ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው። በድረ ገጽ መክፈቻዎች የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ግን `\b`ን የሚመዝነው በላቲን ፊደላት፣ በአኃዞችና በሥር መስመር ብቻ ነው፤ «በ»ን እንደ ፊደል ስለማያያት ያው አጻጻፍ ሁሉንም ቁጥሮች ያገኛል። አንድ ዓይነት ትእዛዝ በሁለት ቦታ ሁለት ውጤት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ `\b`ን ጨርሶ መተው ይሻላል።

የግእዝ ቁጥር የራሱ ጉዳይ አለው። የሪፖርቱ አባሪ «ገጽ ፪፻፲፭» ቢል `\d` በፓይተን አያየውም። ዩኒኮድ የግእዝ አኃዞችን የመደባቸው በአሥር መደብ ከሚጻፉት አኃዞች ጋር አይደለም፤ ሥርዓቱ ዜሮ የለውም፣ ለአሥር፣ ለሃያና ለመቶ የየራሳቸው ምልክት አለው። ሃያዎቹ ምልክቶች ግን ከ፩ እስከ ፼ በተከታታይ ቦታ ስለተቀመጡ በቀላሉ ይጠራሉ፦

```
[፩-፼]+
```

ይህን ለብቻው በሁለተኛ ዙር ማስኬድ ይቻላል።

ከማስኬድ በፊት ግን በ Find ገጽ ላይ Count የሚለውን መጫን ይበጃል። የመጀመሪያው አጻጻፍ ለናሙናው መስመር 6 ይላል፣ የተስተካከለው 4። ዓይን በመስመሩ ላይ የሚቆጥረውም 4 ነው። አንድ ገጽ በዓይን ቆጥሮ ከዚህ ጋር ማስተያየት ስሕተቱ ሃምሳ ገጽ ላይ ከመድረሱ በፊት ያሳያል።

ጸሐፊው የማዕዘን ቅንፍን ትቶ ክብ ቅንፍ ቢመርጥ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። Notepad++ በመተኪያው ሳጥን ውስጥ ክብ ቅንፍን ለራሱ ሥራ ስለሚጠቀምበት `($0)` ተብሎ ቢጻፍ ቅንፎቹ ይጠፋሉ፣ ቁጥሮቹም እንደነበሩ ይቀራሉ። መፍትሔው በእያንዳንዱ ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት መጨመር ነው፦ `\($0\)`።

ሬጌክስ ሊፈታው የማይችለውም አለ። ሪፖርቱ የቤት ቁጥሮችን ያለ ክፍት ቦታ «185,190,214» ብሎ ቢዘረዝር ሦስቱ ቤቶች እንደ አንድ ቁጥር ይታጠራሉ። ኮማ ከኋላዋ ሦስት አኃዝ ሲኖራት ብቻ ትቆጠር ቢባል እንኳ አያድንም፤ ዝርዝሩና 185 ሚሊዮን የሚል ቁጥር አጻጻፋቸው አንድ ነው፣ የሚለያቸው ትርጉሙ ብቻ ነው። «2.185 አባላት» ተብሎ የተለጠፈ ተራ ቁጥርም እንደ ክፍልፋይ ይነበባል። እንዲህ ያሉ መስመሮች አስቀድሞ ተፈልገው ክፍት ቦታ ሊገባባቸው ይገባል። ከወረቀት በስካነር የተቀዳ ጽሑፍ ደግሞ ዜሮን በላቲን O ሊተካ ስለሚችል `\d[OoIl]` ብሎ መፈለግ የተበላሹትን ያወጣል።

ሥራው ሲያልቅ ማረጋገጫው ወደ ኋላ መመለስ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ቅጂ ይቀመጥና በታጠረው ቅጂ ላይ ይህ ይካሄዳል፦

```
\[(\d+(?:[.,/:]\d+)*|[፩-፼]+)\]
$1
```

የላይኛው መስመር ቅንፍ ያለባቸውን ቁጥሮች ይፈልጋል፤ `$1` ደግሞ በክብ ቅንፍ የተያዘውን ቁጥር ብቻ ያስቀራል። የቀድሞው ጽሑፍ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ቁጥር ካልነበረው ሁለቱ ቅጂዎች ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። ቅንፍ የቀረበት ቦታ ከተገኘ፣ ትእዛዙ በስሕተት ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ቁጥሩ `[[2016]]` ሆኗል ማለት ነው።