ብር ሲወርድ የአቅርቦት ውል ምን ይሆናል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ዘለለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት በቁርጥ ዋጋ ዕቃ ለማቅረብ የፈረመ ነጋዴ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚገልጠው ውሉን ነው። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለበት ሕጉ ብዙም አያግዘውም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1764 እንደሚለው፣ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ቢለወጥና ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ይጸናል። ለውጡን ማስተካከል የሚችሉት ተዋዋዮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሲዋዋሉ አስቀድመው፣ ወይም በኋላ በአዲስ ስምምነት። «ከዐቅም በላይ ነው» ማለትም አያዋጣም። ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ከዐቅም በላይ ከሚባሉት ምክንያቶች ውጭ አድርጎታል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ የአስተዳደር ውል የራሱ ድንጋጌዎች አሉት፤ በግል ድርጅቶች መካከል ግን ያልተጻፈ ማስተካከያ የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ምን ይጻፍ? አንድ አቅራቢ ለትምህርት ቤት አንድ ደስታ ወረቀት በ500 ብር ለማቅረብ ተዋውሏል እንበል። ሁለቱ ወገኖች ሲዋዋሉ ዋጋውን ይከፋፍሉታል። 55 በመቶው ከውጭ የሚገባው ወረቀት ነው፤ 30 በመቶው የአገር ውስጥ ወጪ፣ ማለትም ደመወዝ፣ ማጓጓዣና መጋዘን ነው፤ 15 በመቶው የማይለወጥ ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ድርሻ የዶላርን ምንዛሪ ይከተላል፣ ሁለተኛው የስታትስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የዋጋ ግሽበት መለኪያ።

ዶላር ከ57 ወደ 114 ብር ቢወጣ፣ የአገር ውስጡም ዋጋ 20 በመቶ ቢጨምር፣ የወረቀቱ ድርሻ ከ275 ወደ 550 ብር ይደርሳል። የአገር ውስጡ ከ150 ወደ 180 ከፍ ይላል፣ 75ቱ ብር እንዳለ ይቆያል። አዲሱ ዋጋ 805 ብር ነው። ዶላር እጥፍ ስለሆነ 1000 ብር ይከፈለኝ የሚል አቅራቢ ትክክል አይደለም። በ500 ብር ቀጥል የሚል ገዢም፣ ወረቀቱ ብቻውን 550 ብር የሚያወጣበትን ሰው አላቀርብም እንዲል እየገፋው ነው።

ክርክሩ የሚከረው ግን መነሻው ላይ ነው። 57 ብር የባንክ ዋጋ ነበር፤ ከለውጡ በፊት በትይዩ ገበያ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ባንክ ወረፋው ሳይደርሰው ዶላሩን ከውጭ የገዛ ነጋዴ 500 ብር ብሎ ሲዋዋል ያንን ውድ ዶላር አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ለእሱ መነሻውን 57 አድርጎ ማስተካከል አንዱን ጭማሪ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በባንክ ኤልሲ ያስመጣው ነጋዴ ኪሳራ ግን እውነተኛ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት በደል ይመስለኛል። ስለዚህ ገዢው በፊርማው ዕለት የባንክ ፈቃዱንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ያያይዝልኝ ቢል ነውር የለውም። የተጠቀመበት ዶላር ስንት እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

አንቀጹ ሲጻፍ የማን ባንክ፣ የመሸጫ ወይስ የመግዣ ዋጋ፣ የየትኛው ቀን እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። «በወቅቱ የምንዛሪ ዋጋ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ለፍርድ ቤት ክርክር በቂ ምክንያት ነው። ከለውጡ በፊት ተጭኖ መጋዘን የገባ ዕቃ በአሮጌው ዋጋ መሸጥ አለበት፤ ማስተካከያው የሚጀምረው ከቀጣዩ ጭነት ይሁን። አቅራቢው በራሱ ጥፋት ካዘገየ፣ ማስረከብ በነበረበት ቀን ዋጋ ይታሰብ፤ አለበለዚያ መዘግየት ትርፍ ይሆናል። አንቀጹ ዋጋ ሲወርድም እንዲሠራ መጻፍ አለበት። ጭማሪው ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ ደግሞ ሁለቱም ወገን ያለ ቅጣት ውሉን ማቋረጥ ይችሉ ዘንድ መውጫ ይተውላቸው።

አንቀጽ የሌለበት ውል በእጃችሁ ካለ፣ ሂሳቡን በየድርሻው ሠርታችሁ ማስረጃውን አያይዛችሁ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ስምምነቱ በቃል አይቅር፤ ዋናው ውል በተጻፈበት ፎርም ተጽፎ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት፣ ከውሉ ጋር ይያያዝ።