ማሽኑ የጻፈው ሁሉ በሽታ አይደለም፦ የኢሲጂ ወረቀት ምን ይላል?

ኢሲጂ የተነሳ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ በትንንሽ ካሬዎች የተሸነሸነ ወረቀት ይዞ ነው። ከታች የልብ ምቱ መስመር ከፍ ዝቅ እያለ ይታያል፤ ከላይ ቁጥሮችና ጥቂት የእንግሊዝኛ መስመሮች ሰፍረዋል። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ወረቀቱን ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ ያሳያል። እነሱም «ብሎክ» እና «ኢንፋርክት» የሚሉትን ቃላት ፈልገው ያገኙና ቤቱ ይጨነቃል። ይሁን እንጂ እነዚያን መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፋቸው ሐኪም ሳይሆን ማሽኑ ራሱ ነው። መስመሩን ለክቶ፣ ውስጡ ከተጫነለት መመዘኛ ጋር አስተያይቶ በሰከንዶች ውስጥ ያትማቸዋል።

ለምሳሌ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸውን የ56 ዓመት እናት እንውሰድ። ደም ግፊት ስላለባቸው አቴኖሎል ይወስዳሉ። ደረታቸውን አሟቸው አያውቅም፤ ኢሲጂ የታዘዘላቸውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሚደረግ ምርመራ ነው። ወረቀታቸው ላይ አራት መስመር ተጽፏል፦ «ሳይነስ ብራዲካርዲያ»፣ «ፈርስት ዲግሪ ኤቪ ብሎክ»፣ «ካኖት ሩል አውት አንቲሪየር ኢንፋርክት፣ ኤጅ አንዲተርሚንድ» እና «አብኖርማል ኢሲጂ»። ከሥር ደግሞ «አንኮንፈርምድ» የሚል ቃል አለ።

የመጀመሪያው መስመር «ሳይነስ» የሚል ቃል ስላለበት ብዙዎች አፍንጫና ግንባር ላይ ከሚታወቀው ሕመም ጋር ያያይዙታል። ግንኙነት የላቸውም። እዚህ ላይ ሳይነስ የሚባለው በልብ የላይኛው የቀኝ ክፍል የሚገኝ፣ እያንዳንዱን ምት የሚያስነሳ የተፈጥሮ የኤሌክትሪክ ምንጭ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሳይነስ የሚል ቃል መታየቱ ምቱ ከትክክለኛው ቦታ መነሳቱን ያመለክታል። «ብራዲካርዲያ» ደግሞ ምቱ ዝግ ማለቱን ይገልጻል፤ ብዙ ማሽኖች በደቂቃ ከ60 በታች ሲሆን ይህን ይጽፋሉ። የእኚህ እናት ምት 58 ነበር። በእንቅልፍ ሰዓትና በሩጫ በሠለጠነ ሰው ላይ ከዚህም ያነሰ ምት ይታያል። የሚያሳስበው ዝግታው ከራስ መሳት፣ ከማዞር ወይም ከከባድ ድካም ጋር ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው መስመር ውስጥ ያለው «ብሎክ» የሚለው ቃል የልብ ደም ሥር የተዘጋ ያስመስላል። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ደም ሥር ሳይሆን ስለ ኤሌክትሪክ መልእክት ነው። መልእክቱ ከልብ የላይኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ይህን ጊዜ ማሽኑ «ፒ አር» ብሎ በሺህኛ ሰከንድ ይለካዋል፤ ከ200 ካለፈ የመጀመሪያ ደረጃ ብሎክ ይለዋል። የእናታችን ልኬት 212 ነበር። በዚህ ደረጃ አንድም መልእክት ሳይደርስ አይቀርም፤ ሁሉም ጥቂት እየዘገየ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ሕክምና አያስፈልገውም። ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ የሚባሉት ግን የተለዩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ መልእክቱ አንዳንዴ ወይም ጭራሽ አያልፍም፤ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መድረስን ይጠይቃሉ።

አሁን ማሽኑ ያላወቀው ነገር ይመጣል። አቴኖሎል የልብ ምትን የሚያዘገይ፣ የመልእክቱንም ጉዞ የሚያራዝም መድኃኒት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች በዚህ መድኃኒት ብቻ ሊብራሩ ይችላሉ። ማሽኑ የሚወስዱትን መድኃኒት ስለማያውቅ ይህን ሊያመዛዝን አልቻለም፤ ሐኪሙ ግን ይችላል። ሆኖም ይህን የሰማ ታካሚ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም፤ አቴኖሎልን በድንገት ማቋረጥ ልብን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ሦስተኛው መስመር ነው። ኢንፋርክት ማለት የልብ ጡንቻ ከፊሉ ደም አጥቶ መሞቱ ነው፤ በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ማለት ነው። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ሲነበብ «በፊተኛው የልብ ግድግዳ ላይ ጉዳት ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ አይደለም ብዬ መደምደም አልችልም፤ ደርሶም ከሆነ መቼ እንደሆነ አይታወቅም» ይላል። «ኤጅ» የተባለው የታካሚዋ ዕድሜ ሳይሆን ጉዳቱ ደርሶ ከሆነ የደረሰበት ጊዜ ነው። ይህ የጥርጣሬ ቃል እንጂ ምርመራ ተደርጎ የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

ጥርጣሬው ከየት መጣ? ደረት ላይ ስድስት መለጠፊያዎች ይደረጋሉ። የጤነኛ ልብ መስመር ከመጀመሪያው መለጠፊያ ወደ አምስተኛው ሲሄድ ወደ ላይ የሚወጣው ጫፉ እያደገ ይመጣል። ጫፉ ሳያድግ ከቀረ ማሽኑ የፊተኛው ጡንቻ ተጎድቶ እንደሆነ ይጠረጥራል። ይሁን እንጂ መለጠፊያው ቦታውን ሲስትም ይኸው ምስል ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በደረት መሐል አጥንት ግራና ቀኝ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ጎድን መካከል መሆን አለባቸው፤ ባለሙያው ሲቸኩል ግን ከዚያ ከፍ ብለው ይለጠፋሉ። በሴቶች ላይ ጡትም መለጠፊያውን ከቦታው ሊያስለቅቀው ይችላል። የሳንባ ሕመምና በደም ግፊት የወፈረ የልብ ግድግዳም ተመሳሳይ መስመር ያሳያሉ።

ሐኪሙ የሚሄድበት መንገድ ግልጽ ነው። ደረት ላይ ሕመም ነበረ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የቀድሞ ኢሲጂ ካለ ጎን ለጎን ያስተያያል፤ መለጠፊያዎቹ በትክክል ተደርገው ምርመራው እንዲደገም ያዛል። ጥርጣሬው ካልጠፋ ኤኮ ያዛል፤ የሞተ ጡንቻ እንደ ሌላው ስለማይኮማተር ጉዳቱ በኤኮ ሊታይ ይችላል። በምሳሌያችን እናትዮዋ ድጋሚ ሲነሱ ጫፉ እንደሚገባው እያደገ ወጣ፤ ሦስተኛው መስመርም ከአዲሱ ወረቀት ላይ ጠፋ።

አራተኛው መስመር «አብኖርማል ኢሲጂ» ድምር ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱ እንኳ ከመመዘኛው ከወጣ ማሽኑ ይህን ሊያትም ይችላል። «አንኮንፈርምድ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ቃል ነው፤ ሐኪም ገና አይቶ አላጸደቀውም ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ማሽኑ የጻፈውን ሁሉ መናቅ አይገባም። «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» የሚል ከተጻፈ የልብ የላይኛው ክፍል ሥርዓት አጥቶ እየተርገበገበ ነው ማለት ነው። ማሽኑ እዚህም ላይ ሊሳሳት ስለሚችል ሐኪም ያረጋግጠዋል። ከተረጋገጠ ግን በዚያ ክፍል ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በልጅነት ከቶንሲል ሕመም ተነስቶ የልብ በራቸው በጠበበባቸው ሰዎች ላይ አደጋው ይበልጥ ስለሚከብድ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል።

በተቃራኒው «ኖርማል ኢሲጂ» የሚለው ቃልም ወሰን አለው። ወረቀቱ የሚያሳየው ታካሚው በተኛባቸው ጥቂት ሰከንዶች የነበረውን ብቻ ነው። የጠበበ የልብ ደም ሥር ያለበት ሰው፣ ሕመሙ ባልተነሳበት ሰዓት ጤነኛ መስመር ሊወጣለት ይችላል።

ስለዚህ ወረቀቱን የተቀበለ ሰው ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ይህን ሐኪም አይቶታል ወይ? ከቀድሞው ምን ተለወጠ? የምወስደው መድኃኒት ይህን ሊያመጣ ይችላል ወይ? ወረቀቱንም አይጣለው፤ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጠው፤ አንዳንዱ ኅትመት በጊዜ ብዛት ይደበዝዛልና። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ከመጣበት ግን የትናንቱ ወረቀት «ኖርማል» ቢልም ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።