በዓይን ነጭ ላይ የሚበቅለው ሥጋና የቀዶ ጥገናው ጊዜ

በዓይን ነጭ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል ካለው ማዕዘን ተነሥቶ፣ ደም ሥር ያረበበበት ሥጋ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይዞ ጫፉን ወደ ብሌኑ አቅንቶ ቀስ በቀስ ሲያድግ የሚታየው ደዌ፣ በሐኪሞች ዘንድ ቴሪጂየም ይባላል። ብዙ ሰው ከዓይን ሞራ ጋራ ያደባልቀዋል፤ ነገር ግን ሞራ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ሲሆን፣ ይህኛው በገጽ ላይ የሚበቅል፣ ባለቤቱ በመስተዋት ሊያየው የሚችል ነው።

ዋነኛው መንስኤ ከብርሃነ ፀሐይ ጋራ የሚመጣው፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ሕመሙ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 37 ዲግሪ በሚደርሰው ሰፊ መቀነት ውስጥ እንደሚበዛ ከታወቀ ቆይቷል፤ አገራችንም በዚሁ መቀነት ውስጥ ናት። በዚህ ላይ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ ኃይል በግምት 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ብርዱን እያሰበ ፀሐዩን የሚዘነጋው የደጋ ሰው ከቆለኛው ይልቅ የተጠበቀ ነው ማለት አይቻልም። አቧራና ደረቅ ነፋስ ደግሞ እንባውን እያደረቁ፣ የዓይኑን ስስ ሽፋን እያስቆጡ፣ ጨረሩ የጀመረውን ጉዳት ያባብሳሉ።

ሥጋው በአፍንጫ በኩል መብቀሉ ለረጅም ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ሚናስ ኮሮኔዎ ያቀረቡት ማብራሪያ፣ በጆሮ ግንድ በኩል ሰያፍ ሆኖ የሚገባው ብርሃን በጉብታማው ብሌን ውስጥ አልፎ በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ስለሚጠራቀም፣ ብሌኑን በየጊዜው የሚያድሱትን ሕዋሳት በዚያው ስፍራ ይጎዳል የሚል ነው። ስለዚህ ከፊት ብቻ የሚከልል መነጽር ግማሽ ጥበቃ ነው፤ ጎኑንም የሚሸፍንና ከሰፊ ባርኔጣ ጋራ የሚደረግ ይሻላል።

ቢላዋ የሚነሣበትን ጊዜ ለመረዳት፣ በቆቦ ሜዳ ላይ ዕድሜውን በአጨዳና በውቂያ ያሳለፈ አንድ ገበሬ እናስብ። ሥጋው ወደ ብሌኑ አንድ ሚሊ ሜትር ገብቶ፣ ዓይኑ አልፎ አልፎ ከመቅላትና ከመቆርቆር በቀር እይታው ደኅና ቢሆን፣ አስተዋይ ሐኪም አይቆርጠውም፤ የእንባ ጠብታ ይሰጠዋል፣ መጠኑን ለክቶ ይመዘግባል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም እንዲመለስ ያዘዋል። ለክቶ መመዝገብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሥጋው ማደጉንም ሆነ በአንድ ስፍራ መርጋቱን የሚያሳየው ይኸው ነውና። ከዓመታት በኋላ ግን ሥጋው ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ገፍቶ፣ የብሌኑን የአግድም ኩርባ ጠፍጣፋ በማድረግ አስቲግማቲዝም ቢያመጣና ሰውየው የጎረቤቱን ፊት በሩቁ መለየት ቢቸግረው፣ ወይም ጫፉ ብርሃን ወደሚገባበት ቀዳዳ ቢጠጋ፣ ወይም ዓይኑ ወደ ጎን እንዳይዞር ቢይዘው፣ ያን ጊዜ መቆየት ጉዳት ነው። ቀዳዳው ከተሸፈነ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ጥገና በብሌኑ ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላልና።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ረጅም አይደለም፤ ዓይኑ በመርፌ ደንዝዞ በሽተኛው እንቅልፍ ሳይወስደው ይሠራል። አስቸጋሪው ሥጋው ተመልሶ መብቀሉ ነው። በቀድሞው ዘዴ ሥጋው ተቆርጦ ስፍራው ባዶውን ሲተው፣ በብዙ በሽተኞች፣ አንዳንዴም ከግማሽ በሚበልጡት ላይ፣ ከበፊቱ ይልቅ ተቆጥቶ ይመለስ ነበር። አሁን ግን ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ ፀሐይ ካልነካው ክፍል፣ ከራሱ ከበሽተኛው ዓይን ስስ ሽፋን ተወስዶ በባዶው ስፍራ ላይ በቀጭን ክር ይሰፋል ወይም በልዩ ሙጫ ይለጠፋል፤ በዚህም የሚመለስበት ዕድል እጅግ ቀንሷል። ጊዜ የሚወስደውም ይኸው ልጥፉን ማዘጋጀት ነውና፣ በሽተኛው ከመቆረጡ በፊት «ባዶው ስፍራ በምን ይሸፈናል?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ሚቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት የሚጨምሩም አሉ፤ ያለ ጥንቃቄ ከተደረገ ግን የዓይኑን ነጭ ራሱን ያሳሳል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት የሚታዘዘው የስቴሮይድ ጠብታ ቁጣውን ያበርዳል። ይህን ጠብታ ዓይን በቀላ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ እየገዙ ማድረግ ግን ሥጋውን አያጠፋውም፤ ይልቁንም የዓይኑን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማን፣ ሲቆይም ሞራን ያመጣል። ሥጋው የሚመለስ ቢሆን በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሚታይ፣ ቀጠሮው እስከዚያ ድረስ መጠበቅ አለበት።

ቴሪጂየም መስሎ የሚመጣ ካንሰርም አለ። በጥቂት ወራት ውስጥ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ገጹ ሻካራ ወይም ነጭ ቅርፊት ያለው፣ ወፍራም ደም ሥር የሚመግበው እብጠት፣ በተለይም ኤች አይ ቪ በደሙ ባለበት ሰው ላይ ሲታይ፣ እስኪያድግ አይጠበቅም፤ ዙሪያው ካለው ጤናማ ሽፋን ጋራ ተቆርጦ ይወጣል፣ የወጣውም ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ይመረመራል።